አብተው በገዛ እጁ የጻፈው ደብዳቤ

አብተው ሰዓሊ አንድ አመል ነበረው፤ በሠራው ሥራ ሁሉ ላይ ስሙን ይጽፋል። ትልቅ አድርጎ አይደለም። ከታች በቀኝ በኩል፣ ስንዝር በማትሞላ ቦታ፣ «አብተው፣ ናዝሬት» ብሎ ይጽፍና የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ አስረዝሞ ወደ ላይ ይቀለብሳታል። ያቺ ጭራ የእሱ ናት። ሌላ ሰዓሊ ሊያስመስላት ቢሞክር ወዲያው ያስታውቃል። እንግዲህ በዚህች ጭራ የመጣበትን መዓት ነው የምነግራችሁ፤ ገና ሳስበው ራሱ ደሜ ይፈላል።

ሰውየው ከምንጃር ሲመጣ የሚያውቀው ሸክም ብቻ ነበር። ባቡር ጣቢያ ጆንያ ተሸከመ፤ ወገቡ እምቢ ሲለው በመኪና ተራ በኩል የካሚዮን በር ላይ ጽሑፍ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተጠግቶ ቡሩሽ ማጠብ ጀመረ። ሽማግሌው ሲሞቱ ቡሩሹም መሰላሉም ለእሱ ቀረ። ለብቻው የጻፈው የመጀመሪያ ሥራ የወዳጁ የሆራ፣ ኤንትሬ የሚባለው የጣሊያን ካሚዮን ነበር። ግንባሩ ላይ «ቻለው» ብሎ በቀይ ጻፈለት፤ በሩ ላይ የጭነቱን ልክ፤ ከሥሩ ስሙን። ከወር በኋላ ሆራ ከአሰብ ተመልሶ፣ «አብቴ፣ ስምህን አንድ የአፋር ሰውዬ ቆሞ ሲያነበው አየሁት» አለው። አብተው ያን ቀን ለሚስቱ ለበላይነሽ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነገራት። የሚኮራበት ሌላ ነገር አልነበረውማ! ቤቱ የቀበሌ፣ ሱቁ የቀበሌ፣ መሬት የለው፣ ልጅ አልሰጠው። ስሙ ግን በየግድግዳው ላይ ነበረ።

ተቀጣሪ አይደለም፤ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚሰጠው የለም። ሰው ሲጠራው ይሠራል፣ ካልጠራው ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ቡሩሹን ያበጥራል። የንግድ ፈቃድ ግን አለው፤ በየዓመቱም ግብር ይከፍላል። እስከ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ድረስ ስልሳ ብር ነበር፤ ወስዶ ይከፍላል፣ ደረሰኙን ይዞ ይወጣል፣ ማንም ክፉ አልተናገረውም።

ከዚያ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መጣ። ኧረ እንዴት ያለ መዓት ነው! በሰባ ስድስት ክረምት ናዝሬት ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነች። ጓድ ኃይለየሱስ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሌሊቱ ሳይነጋ የአብተውን በር ያንኳኳል፤ ዛሬ ይሄኛው ቅስት፣ ነገ ያኛው ሰሌዳ፣ ከነገ ወዲያ የባሕር ማዶ አብዮተኞቹ ሦስቱ ባለጢሞች ከነኮታቸው። አብተው በዝናብ ላስቲክ ወጥሮ እየተጠለለ ሠላሳ አንድ ሰሌዳ ጻፈ። ቀለሙ ሲያልቅ ከራሱ ኪስ ገዛ። ክፍያውስ? ድንቄም ክፍያ! በዓሉ ሲያልፍ አዳራሽ ጠርተው አጨበጨቡለትና ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጡት። በላይነሽ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ «ይሄ ስንት ኪሎ ጤፍ ይገዛል?» ብላ መለሰችለት። ከሕዝቡ ግን ለበዓሉ ማክበሪያ ተብሎ ከየቤቱ መዋጮ ተለቅሟል፤ የት እንደገባ ጓድ ኃይለየሱስ ያውቃል፤ አዲሱ የቤቱ ቆርቆሮም ያውቃል።

በሠላሳ አንዱም ሰሌዳ ላይ አብተው ስሙን ጽፎ ነበር። ከነጭራዋ።

በዓመቱ፣ በሐምሌ ሰባ ሰባት፣ የገቢ ገማች ኮሚቴ መጣ። መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ምን እንዳገኘ በግምት ነው የሚወሰንበት፤ ይሄ የታወቀ ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ከግብር ቤት ጉተማ የሚባል ሠራተኛ፣ ከቀበሌው አንድ ተወካይ፣ ከነጋዴው አንድ ተመራጭ። ወደ አብተው ሱቅ ሲገቡ ያለው ነገር ሦስት ቆርቆሮ ቀለም፣ አንድ መሰላል፣ አንድ ብስክሌት ነው። የነጋዴው ተወካይ ግራ ተጋብቶ፣ «ይሄን ደግሞ በምን እንገምተዋለን?» አለ። ጉተማ ትንሽ አሰበ። ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው።

«ቀላል ነው» አለ። «ጓድ አብተው እኮ የሠሩት ላይ ሁሉ ይፈርማሉ።»

እናም ወጥተው ከተማውን ዞሩ። አዎ፣ በእግራቸው! ከባቡር ጣቢያ እስከ አውቶብስ ተራ፣ ከገበያው እስከ አሰላ መውጫ፣ ደብተር ይዘው የአብተውን ስም ሲቆጥሩ ዋሉ። ስሙ አለበት? አለበት። ጻፍ። ስልሳ አራት ሰሌዳ አገኙ። ከስልሳ አራቱ ሠላሳ አንዱ በጭብጨባ የተከፈለ መሆኑን ከቀበሌው የመጣው ሰውዬ ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ ግማሹን ሲሰቀል መሰላል ይዞ ነበር። ትንፍሽ አላለም። ይሄን ስሰማ ለዚያ ሰውዬ ያለኝ ንቀት ምን ያህል እንደሆነ በአፌ አልናገረውም።

በነሐሴ ማስታወቂያው ደረሰው። በቀን ስምንት ብር ያገኛል ተብሎ ተገምቷል። የሰባ ሰባት ግብር፣ የሰባ ስድስት ልዩነት፣ ከነቅጣቱ ሲደመር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር። በተባለው ጊዜ ካልተከፈለ ሱቁ ይታሸጋል፣ ዕቃው ተይዞ በሐራጅ ይሸጣል፣ ፈቃዱ አይታደስም። አብተው ጥሩ በሆነ ወር መቶ ሃያ ብር ያገኛል፤ ክረምት ሲሆን ስልሳም አይሞላለት። ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ አነበበው፤ ቁጥሩ ያው ነው።

ይግባኝ ማለት ይቻላል። በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ የተገመተውን ግማሹን አስይዘህ። ስድስት መቶ አርባ ብር ያለው ሰው ለምን ይጮኻል? ቢሆንም አብተው መጀመሪያ የሮጠው ወደ ቀበሌ ነው። «ሠላሳ አንዱ ሰሌዳ ያለ ክፍያ የተሠራ ነው» የሚል አንድ መስመር ወረቀት ቢያገኝ ግምቱ በግማሽ ይወርድለት ነበር። ጓድ ኃይለየሱስ ዛሬ ስብሰባ ነው፣ ነገ ዘመቻ ነው፣ ከነገ ወዲያ ማኅተሙን የያዘው ሰው አቦምሳ ለቅሶ ሄዷል እያለ ሦስት ሳምንት አመላለሰው። በመጨረሻ በሩን ዘግቶ፣

«ጓድ አብተው፣ ለአብዮቱ የሠራኸውን በገንዘብ ልትተምነው ነው?» አለው።

«እኔ መቼ ተመንኩት? የተመነው ግብር ቤት ነው!»

«እኔ ያለ ክፍያ ተሠራ ብዬ ብጽፍ፣ መዋጮው የት ገባ ይሉኛል። ቤት አታፍርስብኝ።»

ቤት አታፍርስብኝ አለ፤ እንዲያ ብሎ አፉን ሞልቶ! አብተው እዚያው ወለሉ ላይ ሊተፋ ምራቁ አፉ ደርሶ ነበር። ዋጠው። ዋጠውና ወጣ፤ ሠላሳው ቀንም አለቀ።

ከዚያ በኋላ የቀረ አንድ መንገድ ነው፤ ዕዳውን አምኖ፣ በየወሩ ከፍዬ ልጨርስ ብሎ ማመልከት። አብተው ከሰሌዳ በቀር ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። ግን ጽሑፍ ሥራው ነው፣ ለደብዳቤ ጸሐፊ ገንዘብ አይከፍልም። በብዕር፣ በዚያ በሚያምር እጁ፣ እውነቱን ጻፈ። «ጉዳዩ፦ ያለብኝን የግብር ዕዳ በየወሩ ከፍዬ እንድጨርስ ስለመጠየቅ» ካለ በኋላ፣ በወር ከመቶ ሃያ ብር በላይ እንደማያገኝ፣ ክረምት ሥራ እንደሚጠፋ፣ ሠላሳ አንድ ሰሌዳ በነጻ እንደሠራ፣ ከዚህ ሁሉ ቆርጦ በወር ሠላሳ ብር ሊከፍል እንደሚችል አተተ። ቴምብሩን ለጠፈ፣ ፈረመ፣ ወሰደ።

ጉተማ ወንበር ሰጠው። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበበ። የጽሑፉን ውበት አደነቀ።

«ጓድ አብተው፣ ይሄን ካስገቡት ይጎዳዎታል» አለ በቀስታ።

«እውነቱ ነው እኮ።»

«ሊሆን ይችላል። ግን ይመልከቱት እስቲ። ሠላሳ ብር በወር ማለት ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ነው። ኃላፊው ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አይፈቅዱም። ሩቡ ደግሞ በቅድሚያ መከፈል አለበት። ከሁሉ በላይ ሰውየው ገቢ የለኝም ካለ፣ ኃላፊው ‹እንግዲያው በምን ሊከፍለን ነው?› ይላሉ። ዕቃው ሳያልቅ ዛሬውኑ ይያዝ ነው የሚሉት። የመክፈል አቅም እንዳለዎት ነው ማሳየት ያለብዎት። ምን ሥራ እንደያዙ፣ በወር ስንት እንደሚያገኙ። ዋስም ያስፈልጋል፤ ንብረት ያለው ሰው።»

«የሌለኝን አለኝ ብዬ ልጻፍ?»

ጉተማ እጁን በአክብሮት ዘረጋ። «ምን እንደሚጽፉ እኔ አልነግርዎትም። ምን እንደሚያልፍ ነው የምነግርዎት።»

እዩልኝ እንግዲህ! ድሃ ነኝ ብትል ዕቃህን ይወስዳሉ፤ ሀብታም ነኝ ብትል ጊዜ ይሰጡሃል። ይሄን ያወጣ ጭንቅላት ምን በልቶ ያደረ ነው? አብተው ግን ሙግት አልገጠመም። መሰላሉ በሐራጅ ሲሸጥ፣ ያ የሽማግሌው መሰላል፣ ታየው። የሱቁ በር ላይ የማሸጊያ ሰም ሲፈስ ታየው። ቤት ገብቶ በላይነሽን አጠገቡ አስቀመጠና ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፈ።

«ከተለያዩ ድርጅቶች ሥራ የተቀበልኩ ስለሆነ» ብሎ ጀመረ።

«ከየትኞቹ ድርጅቶች?» አለች በላይነሽ።

«ዝም በይ እስቲ።»

«ከካሚዮን ባለቤቶች፣ ከሆቴሎችና ከማኅበራት የማገኘው ገቢ በአማካይ በወር ብር ሦስት መቶ ሃምሳ ስለሚደርስ» ብሎ ጻፈ። ቁጥሩን ሲጽፍ እጁ ቆም አለ። ሦስት መቶ ሃምሳ! የወረዳ ጸሐፊ እንኳ ያን ያህል አያገኝም። ሦስት መቶ ብቻ ቢል በቂ አይመስል ይሆን ብሎ ፈርቶ ነው ሃምሳዋን የጨመረው። ከዚያ ቀጠለ። ካለበት ብር አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሩቡን ማለትም ሦስት መቶ ሃያውን በቅድሚያ ገቢ አደርጋለሁ፤ ቀሪውን ዘጠኝ መቶ ስልሳ በየወሩ ሰማንያ ብር በአሥራ ሁለት ወር እጨርሳለሁ፤ አንድ ወር ብቻ ባጓድል ቀሪው ዕዳ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲጠየቅብኝና በንብረቴም በዋሴም ላይ እርምጃ እንዲወሰድ ተስማምቻለሁ። ኢትዮጵያ ትቅደም። ከሥሩ ፈረመ። ፊርማው ያው የሰሌዳዋ ነው፤ ጭራዋ ወደ ላይ ተቀልብሳለች።

በላይነሽ በትከሻው በኩል አየችና፣ «እግዜር ይይልህ አብተው፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ካለህ እኔ የት ነበርኩ?» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ያን ጊዜ መሳቃቸው አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለዋስ የሄደው ወደ ሆራ ነው። ሆራን ካሚዮኑ ሥር ገብቶ ሲፈታታ አገኘው። ሆራም ከመኪናው ሥር ጭንቅላቱን አውጥቶ፣ «አካም፣ አብቴ! ፊትህ ምነው?» አለው። አብተው ነገሩን ዘርዝሮ ነገረው። ሆራ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለ። ማንበብ ብዙም አይሆንለትም፤ ቁጥር ግን ያውቃል።

«አንድ ወር ብታጎድል ‹ቻለው›ን ነው የሚይዙብኝ?»

«አዎ። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሆራ የመኪናውን ግንባር ቀና ብሎ አየ። «ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ» አለና ፈረመ። የመኪናውን ሊብሬ ኮፒም ጨመረለት።

ሩቡን ለመክፈል ብስክሌቱ በሁለት መቶ አሥር ብር ሄደ። መቶ አሥሩ ከበላይነሽ የጆሮ ወርቅ መጣ። ጉተማ ደብዳቤውን ለኃላፊው አስገባ፤ በአራተኛው ቀን «ተፈቅዷል» የሚል ፊርማ አረፈበት። ከደስታው ብዛት አብተው የጉተማን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ጉተማም በዚያው አፉ፣ በዚያው ትሕትናው፣

«አንድ ትብብር ነበር የምንፈልገው» አለ። «በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ደብዝዟል። በጀት ብንጠይቅ ጊዜ ይወስዳል።»

ኤዲያ! ምን ይባላል ይሄ? እጁ ላይ የተፈቀደ ወረቀት የያዘ ሰው እምቢ ይላል? ሁለት ቀን ሙሉ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ በራሱ ቀለም፣ «ግብርን በወቅቱ መክፈል አብዮታዊ ግዴታ ነው» ብሎ ጻፈላቸው። ወርቃማ ፊደል በቀይ ላይ። ሲጨርስ ጉተማ ወጥቶ ራቅ ብሎ አየና፣ «ስምዎን አይጽፉበትም?» አለው። እኔ ብሆን ቀለሙን አናቱ ላይ እደፋው ነበር። አብተው ግን ሰሌዳውን አየ፤ ከሠራቸው ሁሉ ያማረ ነው። ጻፈበት።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። በየወሩ ሰማንያ ብር መክፈል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከመቶ ሃያ ብር በላይ የማያገኝ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። በላይነሽ አውቶብስ ተራ ድንች በአዋዜ መሸጥ ጀመረች። አብተው የማይሠራው ጠፋ። በሬሳ ሳጥን ላይ መስቀል ሳለ፣ በወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ «ዱቤ የለም» ብሎ ጻፈ። መልካሳ እርሻ ምርምር የእህል ማሳ ምልክት የሚሆን ትንንሽ ጣውላ የሚጽፍ ይፈለጋል ሲሉት፣ ብስክሌት የለ፣ ቀለሙን በራሱ ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። ሲመለስ እግሩ ውኃ ቋጥሮ ነበር። በግንቦት ሠላሳ ብር ጎደለበት፤ ሆራ አውጥቶ ሰጠው። በሐምሌ በላይነሽ ነጠላዋን ሸጠች። በየወሩ ግን፣ ወሩ ሳይሞላ፣ ገንዘቡ ከመስኮቱ ፊት ይቀርባል። ጉተማ ደረሰኝ ይቆርጣል፤ አብተው በመዝገቡ ላይ ይፈርማል። ደረሰኞቹን በላይነሽ በክር እየሰፋች ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው። ከምስጋናው ወረቀት አጠገብ።

መስከረም ሰባ ዘጠኝ፣ ከመስቀል በኋላ፣ አሥራ ሁለተኛውን ሰማንያ ብር ይዞ ሄደ። ተላጭቶ ነበር። ሆራም፣ «ከዋስነት ስወጣ በዓይኔ ማየት አለብኝ» ብሎ ተከተለው። ጉተማ ብሩን ቆጠረ፣ ደረሰኙን ቆረጠ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ጨርሰዋል» አለ። ከልቡ ነበር እኮ! የሚያናድደኝ እሱ ነው። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ ወረቀት አወጣ።

«ይሄ ደግሞ የሰባ ስምንት የግብር ማስታወቂያዎ ነው።»

አብተው አነበበ። ዓመታዊ ገቢ ብር አራት ሺህ ሁለት መቶ። የሚከፈል ግብር ብር አንድ ሺህ ሁለት መቶ።

«ይሄ ምንድን ነው? ኮሚቴው መቼ መጣ? ማን ገመተው?»

«ዘንድሮ መገመት አላስፈለገም» አለ ጉተማ። ፋይሉን ከፈተና ወደ አብተው አዞረው። የአብተው ደብዳቤ ነው፤ ያ የሚያምር ጽሑፍ፣ ከነቴምብሩ። «በአማካይ በወር ብር ሦስት መቶ ሃምሳ» የሚለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። በአሥራ ሁለት ተባዝቶ በኅዳጉ ላይ ተጽፏል። «ግምት የሚያስፈልገው ገቢው ካልታወቀ ነው። እርስዎ በጽሑፍ አስታውቀዋል።»

አብተው ፋይሉን መልሶ ወደ ጉተማ ገፋው። ቀጥሎ፣ «ውሸት ነው እኮ!» አለ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ አቅም አሳይ ያሉኝ? ሦስት መቶ ሃምሳ ብር በሕልሜም አላየሁ!»

ጉተማ ዙሪያውን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ አብተው፣ ቀስ ይበሉ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ሐሰት አቅርቤ የክፍያ ጊዜ ወሰድኩ ነው የሚሉኝ? ያ እኮ ወንጀል ነው። ዋስዎንም ይነካል። ደግሞ ማን ያምንዎታል? ገቢ ባይኖርዎት አሥራ ሁለቱን ወር እንዴት አንድም ሳያጓድሉ ከፈሉ?»

የበላይነሽ ነጠላ፣ ወርቋ፣ ብስክሌቱ፣ የመልካሳ መንገድ፣ ሁሉም ማስረጃ ሆነበት። በጊዜው የከፈለበት እያንዳንዱ ደረሰኝ ሀብታም መሆኑን መሠከረበት። ሆራ በአፋን ኦሮሞ አንድ ከባድ ነገር ተናገረ፤ ጉተማ ገብቶታል፣ ጆሮው ቀላ፣ ግን እንዳልሰማ ሆነ።

«እንግዲህ ካስቸገረዎት» አለ ጉተማ፣ ነጭ ወረቀት ወደ አብተው እየገፋ፣ «እንደ አምናው በየወሩ እንዲከፍሉ ማመልከት ይችላሉ። አሁን መልካም ከፋይ ስለሆኑ ቶሎ ያልፍልዎታል። ሩቡ ሦስት መቶ ነው፤ ቀሪው በወር ሰባ አምስት ብር ብቻ። ከአምናው ያነሰ ነው።»

አብተው ወረቀቱን ቁልቁል ተመለከተው። ጠረጴዛውን ገልብጦ መውጣት አማረው። ግን መውጣት ማለት ሱቁ ማለት ነው፤ መሰላሉ ማለት ነው፤ እውነቱን መናገር ደግሞ እስር ቤትና የሆራ ካሚዮን ማለት ነው። ሆራን ቀና ብሎ አየው። ሆራ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ «ጻፈው፣ እኔ እፈርማለሁ» አለ። አብተው ጻፈው። ማንም ሳይነግረው ጻፈው፦ ከተለያዩ ድርጅቶች የማገኘው ገቢ በአማካይ በወር ብር ሦስት መቶ ሃምሳ ስለሚደርስ። አሁንማ ማሳነስም አይችልም።

ጉተማ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «አዩ፣ አሁን ሳይነግሩዎት ቻሉበት» አለ።

አብተው ወጣ። ወደ ቤቱ ግን አልሄደም። ሱቁ ሄዶ መሰላሉንና አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም አምጥቶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ግብር ቤቱ በር ላይ መሰላሉን አቆመ። «ግብርን በወቅቱ መክፈል» የሚለውን አልነካም፤ ያን ቢነካ የሚመጣበትን ያውቃል። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ፣ ስሙን፣ ጭራዋንም ጨምሮ፣ በቀዩ ሸፈነው። ጥሩ አድርጎ ነው የሸፈነው፤ ቀለሙ ከቀለሙ አይለይም። ዘበኛው፣ «ምን እየሠራህ ነው?» ሲለው፣ «እያሳመርኩት ነው» አለና ወረደ።

በዚያው ሳምንት መሰላሉን ተሸክሞ ከተማውን ዞረ። የቀበሌውን፣ የሆቴሉን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የሦስቱን ባለጢሞች፤ አንድ አላስቀረም። ጓድ ኃይለየሱስ በቀበሌው በር ላይ አግኝቶት፣ የግል ስም ከአብዮቱ ሰሌዳ ላይ መነሣቱ የንቃት ምልክት ነው ብሎ ጀርባውን ቸብ አደረገው። አብተው መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። በመጨረሻ የሆራ ካሚዮን ዘንድ ደረሰ። ሆራ በሩን ከፍቶ ቆመለት፤ አብተው ግን ቡሩሹን ነክሮ ለሆራ ዘረጋለትና አንገቱን ደፍቶ፣ «አንተው አጥፋው፣ እኔ አልቻልኩም» አለው። ሆራ አጠፋው። ሰዓሊ ስላልሆነ ቀለሙ ተንዛዛ፤ አስቀያሚ ሆነ።

አብተው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጻፈ። ናዝሬት ውስጥ ከሠራው ሥራ በአንዱም ላይ ስሙን አልጻፈም። ስሙ የሚገኝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ግብር ቤት፣ ዕዳውን በየወሩ በሚከፍልበት መዝገብ ውስጥ፣ በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ከነጭራዋ ተፈርሞ።